በመጀመሪያው ሳምንት የሚጨናነቁት የዶርም ፖርቶች

የዶርም ስዊች በየፎቁ ኮሪደር ጫፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ በተቆለፈ የብረት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያ ነው። ከየክፍሉ ግድግዳ የሚመጡትን ኬብሎች ይሰበስብና ከግቢው ኔትወርክ ጋር ያገናኛል። ፊቱ ላይ የተደረደሩት የኬብል መሰኪያዎች ፖርት ይባላሉ። ከእነዚህ መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ የፎቁን ሁሉ መረጃ ወደ ላይ የሚያደርሱ ስለሆኑ አፕሊንክ የሚል ስም አላቸው። ተማሪ ግቢ በሚገባበት የመጀመሪያ ሳምንት እነዚህ ፖርቶች ከሌላው ጊዜ ሁሉ በላይ ይጨናነቃሉ።

መጨናነቁ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው የሚመጣው ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት ስለሚጠቀም ነው። ሁለተኛው ከአንድ ያለቦታው ከተሰካ ኬብል ብቻ ይመጣል፤ ለዚህ ብዙ ተጠቃሚ አያስፈልግም። አልጋው ላይ ስልኩን ይዞ ለተቀመጠ ተማሪ ሁለቱም «ኔትወርክ የለም» ከማለት አያልፉም። መፍትሔያቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ለመጀመሪያው የሚበጀው ተጨማሪ መስመር ለሁለተኛው ምንም አይፈይድም፤ ለሁለተኛው የሚበቃው አንድ ፖርት መዝጋትም የመጀመሪያውን አያቃልልም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ፖርቱ ምን ያህል እንደሞላ ከመጠየቅ ሳይሆን በምን እንደሞላ ከመጠየቅ ነው።

ይህን በዝርዝር ለማየት አንድ የዶርም ብሎክና የብሎኩ ኔትወርክ ኃላፊ የሆነ አንድ ቴክኒሺያን በምሳሌነት ይወሰዱ። ብሎኩ ግራውንዱን ጨምሮ አራት ወለል አለው። በእያንዳንዱ ወለል 20 ክፍል፣ በእያንዳንዱ ክፍል 6 ተማሪ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ የኔትወርክ ፖርት አለ። ይህ በወለል 120፣ በብሎኩ 480 ተማሪ ማለት ነው። የየወለሉ ስዊች ባለ 24 ፖርት ነው። ከ1 እስከ 20 ያሉት ፖርቶች ወደ ክፍሎቹ ይሄዳሉ፤ 21 እና 22 ኮሪደር ላይ ለተሰቀሉት የዋይፋይ ማሠራጫዎች ነው፤ 24ኛው አፕሊንክ ነው። አራቱ አፕሊንኮች ግራውንድ ላይ ባለው የብሎኩ ዋና ስዊች ይገናኙና ከዚያ በአንድ የፋይበር መስመር ወደ ግቢው ዳታ ሴንተር ያልፋሉ። ሁሉም ፖርት በሰከንድ 1 ጊጋቢት የማስተላለፍ አቅም አለው።

የችግሩ ሥር ያለው እዚህ አሠራር ውስጥ ነው። 20 ክፍሎች እያንዳንዳቸው 1 ጊጋቢት ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ወደ ላይ የሚወጣው ግን 1 ጊጋቢት ብቻ ነው። አራቱ ወለሎች ደግሞ በድጋሚ አንድ የ1 ጊጋቢት ፋይበር ይጋራሉ። በወረቀት ላይ ሲሰላ 80 ክፍል በአንድ ክፍል መስመር ይወጣል። ይህ የዲዛይን ጉድለት አይደለም። ኔትወርክ ሁሉ የሚሠራው ሁሉም ሰው በአንዲት ሰከንድ ሙሉ አቅሙን አይጠይቅም በሚል ስሌት ነው፤ ከዓመቱ በአብዛኛው ስሌቱ ልክ ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሌላው ላይብረሪ፣ ሌላው ካፌ፣ ሌላው ተኝቷል።

በመጀመሪያው ሳምንት ግን ይህ ስሌት ይፈርሳል። ትምህርት ገና በወጉ አልተጀመረም፣ የሚሠራ አሳይመንት የለም፣ ስለዚህ ከእራት በኋላ ተማሪው ሁሉ ዶርም ውስጥ ነው። ክረምቱን ሙሉ ያለ ጥሩ ኢንተርኔት የቆዩ ላፕቶፖች መስመር እንዳገኙ የተከማቸ ማሻሻያቸውን ማውረድ ይጀምራሉ፤ ባለቤቱ ሳያዝዛቸው ነው ይህን የሚያደርጉት። በብሎኩ ውስጥ 200 ላፕቶፕ ቢኖርና እያንዳንዱ 4 ጊጋባይት ማሻሻያ ቢያወርድ ድምሩ 800 ጊጋባይት ይሆናል። ይህ 6,400 ጊጋቢት ነው፤ በ1 ጊጋቢት መስመር ሌላ ምንም ነገር ሳይተላለፍ እንኳ 6,400 ሰከንድ፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በዚያው ሰዓት ሌላው ተማሪ ለቤተሰቡ በቪዲዮ እየደወለ፣ ሌላው ፊልም እያየ ነው። አንዱ ጊጋቢት ለ480 ሰው እኩል ቢካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ወደ 2 ሜጋቢት ነው። በዚህ መጠነኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ይታያል፤ ትልቅ ፋይል ለማውረድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሰኞ ምሽት በብሎኩ የሆነው ይህ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ድረስ ተማሪዎች ለፕሮክተሯ «ኔትወርኩ ይጎተታል» እያሉ አመለከቱ፤ እሷም ለቴክኒሺያኑ ደወለች። እሱ መጀመሪያ የከፈተው የብሎኩን ዋና ስዊች ነበር። የአፕሊንኩ ግራፍ ከ60 እስከ 70 በመቶ ያሳያል፤ የወደቀ ፓኬት ግን የለም። ይህን ብቻ ያየ ሰው መስመሩ ደህና ነው ብሎ ሊተኛ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ባለሙያ የሚስታቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የግራፉ ቁጥር አማካይ መሆኑ ነው። በብዙ የሲስኮ ስዊቾች ላይ ፖርቱ የሚያሳየው ፍጥነት የ5 ደቂቃ አማካይ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ መስመሩ ለጥቂት ሰከንዶች ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ፓኬት ጥሎ፣ እንደገና ሊቀልል ይችላል፤ አማካዩ ግን 70 በመቶ ብቻ ይላል። ቴክኒሺያኑ ፖርቱ ላይ `load-interval 30` የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥቶ አማካዩን ወደ 30 ሰከንድ ሲያወርደው ቁጥሩ 97 እና 98 በመቶ እየነካ ሲመለስ አየ።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስታል። ፓኬት የሚወድቀው በላኪው በኩል ነው እንጂ በተቀባዩ አይደለም። ተማሪዎች በአብዛኛው ያወርዳሉ፣ ጥቂት ይጭናሉ። ስለዚህ ወረፋው የሚፈጠረው መረጃው ወደ ብሎኩ በሚላክበት ቦታ፣ ማለትም ዳታ ሴንተሩ ውስጥ ባለው ስዊች ወደ ብሎኩ በሚወጣው ፖርት ላይ ነው። የሚጣለው ፓኬት የሚቆጠረውም እዚያው ነው። የብሎኩ ስዊች የደረሰውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ መንገድ ላይ የቀረውን ሊቆጥር አይችልም። ቴክኒሺያኑ ወደ ዳታ ሴንተሩ ስዊች ገብቶ በዚያ ፖርት ላይ `Total output drops` የሚለውን ቁጥር ሲያነብ በየደቂቃው እየጨመረ ነበር። የሰኞው መጨናነቅ እንግዲህ እውነተኛ መጨናነቅ ነው። መስመሩን የሞላው ለተወሰነ ሰው የተላከ፣ ሰው የፈለገው መረጃ ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ምልክት መዘግየት ነው፤ ገጹ ይከፈታል፣ ግን ቆይቶ። ቪዲዮው ይቆማል፣ ግን ይቀጥላል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ይፈጥናል።

ረቡዕ ምሽት የመጣው ግን ሌላ ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ፕሮክተሯ ደግማ ደወለች፤ በዚህ ጊዜ ቅሬታው መጎተት አልነበረም። ዋይፋዩ በአራቱም ወለል ጠፍቷል፤ ጥቂት ቆይቶ በኬብል የተገናኙትም ተቋረጡ። የሚገርመው የአፕሊንኩ ግራፍ ነበር። ሰኞና ማክሰኞ ወደ ላይ ተሰቅሎ የነበረው የማውረድ መስመር ረቡዕ በዚያ ሰዓት ቁልቁል ወርዶ ዜሮ አጠገብ ተኝቷል። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከብሎኩ ወደ ውጭ፣ ወደ 100 ሜጋቢት የሚጠጋ የማይዋዥቅ ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። ይህ ከፋይበሩ አቅም 10 በመቶ ነው። ፋይበሩ ባዶ ሆኖ 480 ሰው ኔትወርክ አጣ።

ይህን ለመረዳት ስዊች እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በኔትወርክ ካርድ ሁሉ ላይ ማክ አድራሻ የሚባል መለያ አለ። ስዊቹ በአንድ ፖርት በኩል የመረጃ ቁራጭ፣ በሙያው ቋንቋ ፍሬም፣ ሲደርሰው የላኪውን ማክ አድራሻ ያነብና «ይህ መሣሪያ ያለው በዚህ ፖርት በኩል ነው» ብሎ በሠንጠረዡ ይመዘግባል። በኋላ ለዚያ አድራሻ የተላከ ፍሬም ሲመጣ ወደዚያ ፖርት ብቻ ይልከዋል። ለሁሉም የተላከ ፍሬም ግን አለ፤ ብሮድካስት ይባላል። አዲስ የመጣ ስልክ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ወይም አንድ ላፕቶፕ የመውጫውን ራውተር ማክ አድራሻ ሲፈልግ የሚልከው ብሮድካስት ነው። ስዊቹ ብሮድካስትን ከመጣበት ፖርት በቀር በሁሉም ፖርት አባዝቶ ያስወጣዋል። ይህ ትክክለኛ ሥራው ነው፤ ካላደረገ አዲስ መሣሪያ ኔትወርክ ላይ ሊገባ አይችልም።

አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ተማሪ ሆኖ ግድግዳው ላይ አንድ ፖርት ብቻ ሲኖር ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ባለ 5 ፖርት ትንሽ ስዊች ይገዛሉ። ይህ ተፈጥሯዊ ነው፤ የሚወቀሱበት ነገር የለም። አምስተኛው ፖርት ከግድግዳው ጋር ይገናኛል፣ በቀሩት ላፕቶፖች ይሰካሉ። ከዚያ አንዱ ተማሪ ላፕቶፑን ነቅሎ ይወጣል፤ የኬብሉ ጫፍ መሬት ላይ ይቀራል። ሌላው ክፍሉን ሲያስተካክል ያንን ጫፍ ያገኛል፣ ተነቅሎ የወደቀ መስሎት በቅርቡ ባገኘው ክፍት ፖርት ይሰካዋል። አሁን የአንዱ ኬብል ሁለት ጫፎች በዚያው ትንሽ ስዊች ላይ፣ በፖርት 1 እና በፖርት 2 ተሰክተዋል። ሉፕ የሚባለው ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ከግድግዳው አንድ ብሮድካስት ወደ ትንሹ ስዊች ሲገባ፣ ስዊቹ በደንቡ መሠረት በ1ም በ2ም ያስወጣዋል። በ1 የወጣው በ2 ተመልሶ ይገባል፣ በ2 የወጣው በ1። እያንዳንዱ እንደ አዲስ ብሮድካስት ይቆጠራል፣ እንደገና በሁሉም ፖርት ይወጣል፣ ወደ ግድግዳውም ጭምር። አንዱ ፍሬም በኬብሉ ውስጥ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር አንድ ቅጂ ወደ ብሎኩ ይተፋል። ማቆሚያ የለውም። በኢንተርኔት ፓኬት ላይ በእያንዳንዱ ራውተር ሲያልፍ የሚቀንስ ቆጣሪ አለ፤ ዜሮ ሲደርስ ፓኬቱ ይጣላል። በኢተርኔት ፍሬም ላይ ግን እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለም። ኬብሉ እስኪነቀል ወይም ኤሌክትሪክ እስኪጠፋ ድረስ ይዞራል።

480 ተማሪ ያለበት ብሎክ በየሰከንዱ አዳዲስ ብሮድካስት ያመርታል፤ እያንዳንዱ ወደ ሉፑ ገብቶ ከሚዞሩት ጋር ይቀላቀላል። በሰከንዶች ውስጥ የትንሹ ስዊች ፖርት ይሞላል። ርካሹ ስዊች 100 ሜጋቢት ስለሆነ ከዚያ በላይ መትፋት አይችልም፤ ግራፉ ላይ ያለው ቀጥ ያለ መስመር ከዚህ የመጣ ነው። ትንሹ የኢተርኔት ፍሬም 64 ባይት ነው። በመካከል ያለው አስገዳጅ ክፍተትና መነሻ ምልክት 20 ባይት ያህል ሲጨመርበት 84 ባይት ወይም 672 ቢት ይሆናል። 100 ሜጋቢት ለ672 ሲካፈል በሰከንድ ወደ 148,800 ፍሬም ይሰጣል። ይህ ሁሉ ወደ ብሎኩ እያንዳንዱ ፖርት፣ ወደ እያንዳንዱ ላፕቶፕ ይሄዳል። ብሮድካስት ስለሆነ ኔትወርክ ካርዱ ሊንቀው አይችልም፤ ላፕቶፑ እያንዳንዱን ከፍቶ ማየት አለበት።

ዋይፋዩ ቀድሞ የወደቀበት ምክንያትም እዚህ አለ። የዋይፋይ ማሠራጫ ለአንድ ስልክ ሲልክ በፍጥነት ይልካል፤ ብሮድካስት ሲልክ ግን በጣም ሩቅ ያለው ስልክ እንኳ እንዲሰማው በዝቅተኛው ፍጥነት ነው የሚልከው፤ ይህ በብዙ ቦታ 6 ሜጋቢት ወይም ከዚያ በታች ነው። 100 ሜጋቢት ብሮድካስት በ6 ሜጋቢት አየር ውስጥ አያልፍም። አየሩ በሙሉ በብሮድካስቱ ተይዞ ለሌላው የሚተርፍ ጊዜ ይጠፋል።

በኬብል የተገናኙትን የገደለው ግን የፍሬሙ ብዛት ብቻ አይደለም። ስዊቹ ከየት እንደመጣ እያየ ማክ አድራሻ እንደሚመዘግብ ከላይ ተጠቅሷል። የመውጫው ራውተር ራሱ አልፎ አልፎ ብሮድካስት ይልካል። ያ ብሮድካስት ወደ ሉፑ ይገባና ከክፍሉ ተመልሶ ይወጣል፤ የላኪው አድራሻ ግን የራውተሩ እንደሆነ ነው። የወለሉ ስዊች ይህን ሲያይ ራውተሩ ያለው በዚያ ክፍል ውስጥ እንደሆነ ይመዘግባል። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ወደ ኢንተርኔት የሚሄደው የተማሪዎቹ መረጃ ሁሉ በፋይበሩ ፈንታ ወደዚያ ክፍል ይላካል፣ እዚያም ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ ከራውተሩ እውነተኛ ፍሬም ሲመጣ ሠንጠረዡ ይታረማል፣ ወዲያው ደግሞ ይሳሳታል። የማውረዱ ግራፍ ወደ ዜሮ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥያቄው ስላልወጣ መልስም አልመጣም።

ቴክኒሺያኑ ከቢሮው ሆኖ ወደ ስዊቹ ለመግባት ሲሞክር ስዊቹ አልመለሰለትም። የስዊቶቹ የአስተዳደር አድራሻ ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ ስለነበር የስዊቹ ፕሮሰሰር ራሱ በብሮድካስት ተይዟል። ስለዚህ የኮንሶል ኬብል ይዞ ወደ ብሎኩ ሄደ። ግራውንድ ላይ ያለውን የብረት ሣጥን ሲከፍት የሁሉም ፖርት መብራት ያለ ዕረፍት ይርገበገባል። ጤናማ ስዊች ላይ መብራቶቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምት ይበራሉ ይጠፋሉ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሲርገበገቡ አንድ ዓይነት ፍሬም በሁሉም ፖርት እየወጣ እንደሆነ ለለመደ ዓይን ወዲያው ይታወቃል። በኮንሶል ሲገባ ሎጉ እንዲህ ባሉ መስመሮች ተሞልቶ ነበር፤

```
%SW_MATM-4-MACFLAP_NOTIF: Host 0050.56aa.01fe in
vlan 30 is flapping between port Gi0/24 and port Gi0/3
```

ይህ መልእክት አንድ ማክ አድራሻ በሁለት ፖርቶች መካከል እየዘለለ እንደሆነ ይናገራል። አድራሻው የመውጫው ራውተር ነው። በዋናው ስዊች ላይ Gi0/24 ወደ ዳታ ሴንተር የሚወስደው ፋይበር፣ Gi0/3 ደግሞ ወደ ሁለተኛ ፎቅ የሚወጣው መስመር ነው። ራውተር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሊኖር ስለማይችል የችግሩ አቅጣጫ ታወቀ።

ቀጣዩ እርምጃ ክፍሉን ማግኘት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኬብል በየተራ እየነቀለ ይሞክራል፤ በ20 ክፍል ይህ ይቻላል፣ ግን የሌሎቹን 19 ክፍሎች መስመር ያለ ምክንያት መቁረጥ ነው። የተሻለው መንገድ አቅጣጫን ማንበብ ነው። ብሮድካስት ከሁሉም ፖርት ስለሚወጣ የወጪውን ቁጥር ማየት ምንም አይነግርም፤ ሁሉም እኩል ከፍ ያለ ነው። የሚገባው ግን በአንድ ፖርት ብቻ ነው። ቴክኒሺያኑ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቶ በወለሉ ስዊች ላይ `show interfaces counters` የሚለውን ትዕዛዝ ሰጠ። ከሚታየው ውስጥ የሚያስፈልጉት ሁለት ዓምዶች ብቻ ሲወሰዱ ይህን ይመስላሉ፤

```
Port      InUcastPkts   InBcastPkts
Gi0/12         418220          1904
Gi0/13          20511      71406338
Gi0/14         377902          2215
```

ጎረቤቶቹ ጥቂት ሺሕ ብሮድካስት ሲያስገቡ ፖርት 13 ከ71 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። በሰከንድ በ148,800 ሲሰላ ይህ የ8 ደቂቃ ሥራ ነው፤ ፕሮክተሯ ከደወለችበት ሰዓት ጋር ይገጥማል። ፖርት 13 በ`shutdown` ሲዘጋ መብራቶቹ ወዲያው ተረጋጉ። ሠንጠረዡን ማጽዳት አላስፈለገም። የተሳሳቱ ምዝገባዎች ካልታደሱ በ300 ሰከንድ ውስጥ በራሳቸው ይሰረዛሉ፤ የራውተሩ ምዝገባ ደግሞ ከራውተሩ አንድ እውነተኛ ፍሬም እንደደረሰ ስለሚስተካከል በቅጽበት ተመለሰ። ከዚያ ቴክኒሺያኑ ክፍሉን አንኳኳ። ትንሹን ስዊች መሬት ላይ አገኘው፣ ኬብሉን ነቀለ፣ ተማሪዎቹም ምን እንደተፈጠረ ከእሱ ሰሙ። ትንሹ ስዊች አልተወሰደባቸውም፤ ስድስት ሰው በአንድ ፖርት መጠቀም ሌላ መንገድ የለውም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የወለሉ ስዊች ሉፑን በራሱ ለምን አልያዘውም የሚለው ነው። ሉፕን የሚከላከል ሥርዓት አለ፤ ስፓኒንግ ትሪ ይባላል። በ1985 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈችው በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ናት፤ በ1990 እ.ኤ.አ. አይ ትሪፕል ኢ ደረጃ አድርጎ አወጣው። ስዊቾች በየ2 ሰከንዱ ቢፒዲዩ የሚባል አጭር መልእክት ይለዋወጣሉ። አንድ ስዊች የራሱ መልእክት ዞሮ ወደ እሱ ሲመለስ ካየ መንገዱ ክብ መሆኑን አውቆ ፖርቱን ያግዳል። በብሎኩ ስዊቾች ላይ ይህ ሥርዓት ይሠራ ነበር። የተማሪዎቹ ትንሽ ስዊች ግን ቢፒዲዩውን ዋጠው። ደረጃው ራሱ ለዚህ መልእክት የተመደበውን አድራሻ ስዊች አሳልፎ እንዳይልክ ያዝዛል፤ ትንሹ ስዊች ደንቡን አክብሯል። ነገር ግን መልእክቱን ተቀብሎ የሚያነብና የሚመልስ አእምሮ ስለሌለው ሉፑ ከወለሉ ስዊች ዓይን ተሰወረ። ሌሎች ርካሽ ስዊቾች መልእክቱን እንዳለ ያሳልፉታል፤ በእነሱ ላይ ሉፑ ይያዛል። የትኛው ክፍል የትኛውን ዓይነት እንደሚገዛ ደግሞ ማንም አያውቅም።

ስፓኒንግ ትሪ ወሰን እንዳለው የታየበት ትልቅ ገጠመኝ አለ። በኖቬምበር 2002 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ የሚገኘው ቤት እስራኤል ዲያኮነስ የሕክምና ማዕከል ኔትወርኩ ወድቆ ሐኪሞቹ ለቀናት ወደ ወረቀት ተመለሱ። የሆስፒታሉ ኔትወርክ ቀስ በቀስ እየተራዘመ ሄዶ ስፓኒንግ ትሪ ሊሸከመው ከሚችለው የስዊች ርቀት አልፎ ነበር። የዶርም ብሎክ ያን ያህል አይረዝምም፤ ሆኖም አንድ ሥርዓት ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል።

ስለዚህ ቴክኒሺያኑ ሐሙስ ጠዋት በየወለሉ ስዊች የክፍል ፖርቶች ላይ ሁለት ጥበቃዎችን ጨመረ፤

```
interface range GigabitEthernet0/1 - 20
 spanning-tree portfast
 spanning-tree bpduguard enable
 storm-control broadcast level 1.00
 storm-control action shutdown
```

ቢፒዲዩ ጋርድ ከክፍል በኩል ቢፒዲዩ ሲመጣ ፖርቱን ወዲያው ይዘጋል። መልእክቱን የሚያሳልፉት ስዊቾች ሉፕ ሲሠሩ በዚህ ይያዛሉ። መልእክቱን የሚውጡትን የሚይዘው ሁለተኛው ነው፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የገባው ብሮድካስት ከፖርቱ ፍጥነት 1 በመቶ ካለፈ ፖርቱ ይዘጋል። ትንሹ ስዊች በ100 ሜጋቢት ስለሚገናኝ 1 በመቶው 1 ሜጋቢት ነው። ስድስት ተማሪ በመደበኛ ሥራ ከዚህ አጠገብም አይደርስም፤ ሉፕ ግን መቶ እጥፍ ያልፈዋል። ገደቡ በጣም ከጠበበ አንድ ክፍል ሙሉ ላፕቶፑን በአንድ ጊዜ ሲከፍት ፖርቱ በስህተት ሊዘጋ ይችላል፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ ሉፑ ያልፋል። የተዘጋ ፖርት በራሱ አይከፈትም። ባለሙያ ካልመጣ ክፍሉ ለቀናት ሊቀር ስለሚችል `errdisable recovery cause storm-control` የሚለው ትዕዛዝ ተጨምሮ በ300 ሰከንድ ፖርቱ ተከፍቶ እንዲሞክር ተደረገ። ሉፑ ካልተነቀለ እንደገና ይዘጋል፤ ሎጉ ላይ የሚደጋገመው መልእክትም ክፍሉን ይጠቁማል።

ሦስተኛው ለውጥ አራቱን ወለሎች ወደ አራት የተለያዩ ቪላኖች መክፈል፣ የስዊቾቹን አስተዳደር ደግሞ ለብቻ ማድረግ ነበር። ብሮድካስት ከቪላኑ ውጭ ስለማይወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚነሣ ማዕበል ቀሪዎቹን 360 ተማሪዎች አይነካም፤ ቴክኒሺያኑም ከቢሮው ሆኖ ስዊቹን መድረስ ይችላል።

በዚያው ሳምንት ከሉፕ ጋር የሚምታታ ሌላ ብልሽት ይታያል። አንድ ተማሪ ከቤት ያመጣውን የዋይፋይ ራውተር በተሳሳተው ፖርቱ ከግድግዳው ጋር ሲያገናኝ ራውተሩ ለጎረቤቶቹ አድራሻ ማደል ይጀምራል። የዚህ መለያ ቀላል ነው፤ ተማሪው ስልኩ ላይ ሲያይ የግቢውን ሳይሆን በ192.168.0 ወይም በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ያገኛል። ስዊቹ ላይ `ip dhcp snooping` ለተማሪዎቹ ቪላኖችም ጭምር ሲበራና አፕሊንኩ ብቻ ታማኝ ተደርጎ ሲመደብ ይቆማል።

የሰኞው መጨናነቅ ግን በእነዚህ ሁሉ አልተነካም። ሐሙስ ምሽት 2 ሰዓት ላይ የዳታ ሴንተሩ ፖርት እንደገና ፓኬት ይጥል ነበር። ለዚህ ሁለት ነገር ተደረገ። አንደኛው ግቢው ውስጥ የማሻሻያ ማከማቻ ሰርቨር ማስቀመጥ ነው። ይህ የግቢውን የኢንተርኔት መስመር ያቀልላል፤ የብሎኩን ፋይበር ግን አያቀልልም፣ ማሻሻያው አሁንም በዚያው ፋይበር ያልፋልና። ስለዚህ የማከማቻው ስርጭት በቀንና ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ እንዲከፈት፣ ምሽት ላይ እንዲቀንስ ተደረገ።

ሁለተኛው በተጨማሪ ፋይበር ላይ የተሠራ ነው። ከዳታ ሴንተሩ ወደ ብሎኩ ቀድሞ ከተዘረጋው ባለ ብዙ ክር ፋይበር ያልተያዘ ጥንድ ስለነበረ ሁለተኛ የ1 ጊጋቢት መስመር ተገናኘና ሁለቱ እንደ አንድ መስመር እንዲሠሩ ተጣመሩ። ማጣመሩ በሁለቱም ጫፍ ከመዋቀሩ በፊት ሁለተኛው ኬብል መሰካት የለበትም፤ በሁለት ስዊቾች መካከል ያልተጣመሩ ሁለት መስመሮች ራሳቸው ሉፕ ናቸው፣ ስፓኒንግ ትሪ አንዱን ካላገደ ማዕበል ይነሣል፣ ካገደው ደግሞ አዲሱ ፋይበር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የተጣመረው መስመር ድምሩ 2 ጊጋቢት ቢሆንም ለአንድ ማውረድ 2 ጊጋቢት አይሰጥም። ስዊቹ እያንዳንዱን ግንኙነት በአድራሻው አስልቶ ለአንዱ ፋይበር ይመድበዋል፤ ያ ግንኙነት እስኪያልቅ ከዚያ አይነቃነቅም። 480 ተማሪዎች የሚፈጥሯቸው ግንኙነቶች ብዙ ስለሆኑ በሁለቱ መካከል ተቀራርበው ይከፈላሉ። ስሌቱ በማክ አድራሻ ብቻ ከተደረገ ግን ከኢንተርኔት የሚመጣው ሁሉ የአንድ ራውተር ማክ ስላለው በላኪው ብቻ የሚያሰላ ስዊች ሁሉንም በአንዱ ፋይበር ይጭናል፣ ሁለተኛው ባዶ ይቀራል። ቴክኒሺያኑ ስሌቱን ወደ ላኪና ተቀባይ አይፒ አድራሻ በ`port-channel load-balance src-dst-ip` ቀየረው፤ ዓርብ ምሽት ሁለቱ ፋይበሮች በተቀራራቢ መጠን፣ እያንዳንዳቸው ከ60 በመቶ በታች ሲሠሩ የውድቀት ቆጣሪው ባለበት ቆመ።